ፒር ሊንኩ ሲቆረጥ ጤነኛው ስዊች ለምን ፖርቶቹን ዘጋ?

ሰሞኑን የተከታተልኩት አንድ ክር አለ። ጥያቄው ሁለት ስዊቾችን እንደ አንድ አጣምሮ የሚያሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ሊገጥመው የሚችል ነው። መልሶቹ ብዙ ስለሆኑና መሃል ላይ ወሬው ወዲያ ወዲህ ስለሚል፣ በቁጥራቸው ተራ ልተርከው።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ጠያቂው ሁለት ኔክሰስ ስዊቾች በቪፒሲ አጣምሯል። ራኩ ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ስለተቀመጡ የላይኛው እና የታችኛው ይላቸዋል። ሰርቨሮቹ በሙሉ አንድ ኬብል ወደ ላይኛው፣ አንድ ኬብል ወደ ታችኛው አላቸው። ሁለቱ ኬብሎች በኤልኤሲፒ ታስረዋል፤ ሰርቨሩ የሚያየው አንድ ስዊች ብቻ ነው። ዙር እንዳይፈጠር ብሎ ስፓኒንግ ትሪ የዘጋው መስመር የለም፤ ሁለቱም ኬብሎች ይጭናሉ።

ፋየርዎሎቹ ግን እንደዚህ አይደሉም። ሁለት ናቸው፣ አንዱ አክቲቭ፣ አንዱ ስታንድባይ። አክቲቩ በአንድ ኬብል የላይኛው ላይ ብቻ ተሰክቷል። ስታንድባዩም በአንድ ኬብል የታችኛው ላይ ብቻ። እርስ በርስ የሚጠባበቁት በመካከላቸው በተዘረጋ ቀጥታ ኬብል ነው።

አንድ ቀን ፓች ፓነል ሲስተካከል፣ ሁለቱን ስዊቾች እርስ በርስ የሚያገናኘውን ፒር ሊንክ የያዙት ሁለት ፋይበሮች አብረው ተነቀሉ። ሁለቱም የሚያልፉት በዚያው ፓነል ነበር። የላይኛው ስዊች ወዲያው የሰርቨር ፖርቶቹን በሙሉ ዘጋ። ሎጉ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦

```
%VPC-2-VPC_SUSP_ALL_VPC: Peer-link going down, suspending all vPCs on secondary
```

ሰርቨሮቹ በታችኛው በኩል መሥራታቸውን ቀጠሉ። እርስ በርስ ይነጋገራሉ፣ ወደ ውጭ ግን አንድም ነገር አይወጣም። አክቲቩ ፋየርዎል ያለው የላይኛው ላይ ነው። የፖርቱ መብራት በርቷል። ስለዚህ ፋየርዎሉ ራሱን ጤነኛ አድርጎ ቆጠረ፣ ለስታንድባዩም ቦታ አልለቀቀም።

ጠያቂው ሁለት ነገር አልገባውም። አንደኛ፣ ምንም ያልሆነ ስዊች ለምን የገዛ ፖርቶቹን ይዘጋል? ሁለተኛ፣ ፕራይመሪ እንዲሆን ያዋቀረው የላይኛውን ነው። ፕሪዮሪቲው 100 ነው፣ የታችኛው 200፤ የሚያሸንፈው ደግሞ ዝቅ ያለው ቁጥር ነው። ታዲያ ሎጉ ለምን ሰከንደሪ ይለዋል? ይህ የሶፍትዌር ችግር መሆን አለበት ብሎ ደምድሟል። ፒር ሊንኩ ሲቆረጥ ሁለቱም ስዊቾች እንዲቀጥሉ የሚያደርግ ትእዛዝ ካለም እንዲነግሩት ጠይቋል።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። አይዞህ ብሎ ጀመረና ስዊቹ የተሠራው እንደዚያው እንዲያደርግ መሆኑን ገለጸ። ከዚያ የፒር ሊንኩ ፋይበሮች በተለያየ መንገድ እንዲሄዱ መከረ። አንዱ በፓነሉ፣ ሌላው ራኩ ውስጥ በቀጥታ። ምክሩ ትክክል ነው፣ ጥያቄውን ግን አልነካውም።

መልስ 2

ይኼኛው በድፍረት ነው የገባው። ሁሉም ሰርቨር ሁለት እግር ካለው ፒር ሊንኩ ከነጭራሹ ምን ያደርጋል ነው የሚለው። ሰርቨሩ በላይኛውም በታችኛውም ይደርሳል፤ ስለዚህ ሁለቱም ክፍት ቢሆኑ ማንም አይጎዳም። አልፎም ሄደና፣ የሚዘጋ መስመር ከሌለ ስፓኒንግ ትሪን ማጥፋት እንደሚሻል፣ እሱም እንዳጠፋው ጻፈ።

ግማሹ እውነት ነው። ይህ ሐሳብ ከብዙ ሰው አፍ ይሰማል፤ ለዚህም ነው ቀጣዩ መልስ በደንብ መነበብ ያለበት።

መልስ 3

በክሩ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የምታውቀው ሰው እዚህ ላይ ገባች። የ2ን ሐሳብ ዝም ብላ አልጣለችውም፤ ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ተከትላ አሳየችው።

ሰርቨር አንድ ለሰርቨር ሁለት ይልካል እንበል። ሰርቨር አንድ ከሁለቱ ኬብሎቹ የታችኛውን መረጠ። የትኛው ኬብል እንደሚመረጥ የሚወሰነው በሰርቨሩ ሃሽ ነው፤ ስዊቹ አይጠየቅም። የታችኛው ስዊች የሰርቨር አንድን ማክ አድራሻ ተማረ፣ ፍሬሙንም አደረሰ። ሰርቨር ሁለት ሲመልስ ደግሞ የእሱ ሃሽ የላይኛውን ኬብል መረጠ። የላይኛው ስዊች ግን ሰርቨር አንድን አይቶት አያውቅም።

ፒር ሊንኩ ሲሠራ ይህ ችግር አይሆንም። የታችኛው የተማረውን ማክ ለላይኛው ይነግረዋል፣ በየትኛው የቪፒሲ ቁጥር፣ ማለትም በየትኛው የኬብል ጥንድ ላይ እንዳለም ጭምር። የላይኛውም የዚያው ቁጥር የራሱ ፖርት ስላለው በቀጥታ ይሰጣል። ፒር ሊንኩ ከሌለ ግን የላይኛው ያንን ማክ የት እንዳለ ስለማያውቅ ፍሬሙን በቪላኑ ፖርቶች ሁሉ ይበትነዋል። ይደርሳል፣ ግን ለማይመለከተውም ሁሉ ይደርሳል። ንግግሩ እስካለ ድረስም እንዲሁ ይቀጥላል፤ የመመለሻው መንገድ ሁሌ የማያውቀው ስዊች ላይ ነውና።

ቀጥላ ወደ ፋየርዎሉ መጣች። የእኔ ልብ የሄደው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ስዊቾች ክፍት ቢሆኑ ኖሮ፣ ከሰርቨሮቹ የላይኛውን ኬብል የመረጠ ንግግር ፋየርዎሉን ያገኛል። የታችኛውን የመረጠ ግን አያገኝም፤ የታችኛው ወደዚያ የሚያደርስ መንገድ የለውም። ከአንድ ሰርቨር የሚወጣው ግማሹ ያልፋል፣ ግማሹ ይጠፋል። ፒንግ ይሠራል፣ ድረገጹ አይከፈትም። ወይም ለአንዱ ተጠቃሚ ይከፈታል፣ ለጎረቤቱ አይከፈትም። ከሙሉ መቋረጥ ይልቅ ይህን ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ አንደኛው ስዊች ፖርቶቹን ሲዘጋ ለሰርቨሩ ግልጽ ምልክት ይሰጠዋል። አንዱ ኬብል ወደቀ፣ ቦንዱ ሁሉንም ወደ ሌላው ያዞራል። መዘጋቱ ለሰርቨሩ ሲባል ነው።

ስፓኒንግ ትሪን ስለማጥፋት ቃሏ ጠንከር ብሏል። መስመር ያልተዘጋው ስፓኒንግ ትሪ ስለሌለ አይደለም። ሌላ ሕግ ስላለ ነው፤ በፒር ሊንክ የመጣ ፍሬም፣ ያኛውም ስዊች በደረሰበት ቪፒሲ ፖርት ተመልሶ አይወጣም። ዙር የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ይህ ሕግ ግን የሚጠብቀው የቪፒሲ ፖርቶችን ብቻ ነው። አንድ ሰው ትንሽ ስዊች አምጥቶ አንዱን ኬብል ላይኛው፣ አንዱን ታችኛው ላይ ተራ ፖርት ውስጥ ቢሰካ ዙሩን የሚያየው ስፓኒንግ ትሪ ብቻ ነው። አጥፍቶት ከሆነ ዛሬውኑ ይመልሰው ብላ ጨረሰች።

መልስ 4

የሰርቨር ሰው ይመስለኛል። ጥያቄውን ስለ ቦንድ ፍጥነት አድርጎ ነው ያነበበው። የእሱም ሰርቨር ሁለት ስዊቾች ላይ ተሰክቷል፣ ግን የሚሠራው አንዱ ኬብል ብቻ ነው፤ ሌላው መብራቱ ቢበራም ዝም ብሏል። ከ`/proc/net/bonding/bond0` ቀንጭቦ ለጠፈ፦

```
Slave Interface: eth0
Aggregator ID: 1
Slave Interface: eth1
Aggregator ID: 2
```

መልስ 5

ከርዕስ ውጪ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፣ አላለፈውም። ሁለቱ ቁጥሮች መለያየታቸው ሰርቨሩ ሁለት የተለያዩ ስዊቾች እንዳየ ያሳያል አለ። ቦንዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንዱን ቡድን ብቻ ነው። ከዚያ ከየት እንደሚመጣ ነገረው። ሁለቱ ስዊቾች በኤልኤሲፒ አንድ ዓይነት ማክ ይናገራሉ። ዶሜን 10 ከሆነ `00:23:04:ee:be:0a` ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች በሄክስ የተጻፈ የዶሜኑ ቁጥር ናቸው። ማኩ አንድ ሆኖ ቡድኑ ከተለያየ፣ ከላይ `vpc 21` ከታች `vpc 12` ተብሎ ተጽፎ እንዳይሆን ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲያይ ላከው።

4 ቆየት ብሎ በአንድ መስመር ተመለሰ። ቁጥሩ በእርግጥም ተገለባብጦ ነበር። በሌላ ሰው ጥያቄ ውስጥ ገብቶ መፍትሔ አግኝቶ ወጣ፤ ክሮች አንዳንዴ እንዲህ ናቸው።

መልስ 6

ጠያቂው ተመለሰ። 3ን አመሰገነ፣ ለምን አንዱ መዘጋት እንዳለበት አሁን ገብቶኛል አለ። ግን ቅር ብሎታል። የሁለተኛው ጥያቄ መልስ የለም። መዘጋት ካለበት የታችኛው ይዘጋ፤ ፋየርዎሉን የላይኛው ላይ የሰካው እኮ ፕራይመሪ አይዘጋም ተብሎ ነው። ሰነድ አንብቦ፣ አስቦበት ያደረገው ነገር ለምን ተገላቢጦሽ ሆነ? ቃሉ ትንሽ ሞቅ ብሏል፣ አልፈርድበትም።

መልስ 7

ሞቅ ያለውን ነገር ጨርሶ ያፈላው ይህ ነው። እሱ ስታክ ነው የሚጠቀመው። ሁለት ስዊች በስታክ ኬብል ታስረው አንድ አእምሮ፣ አንድ ኮንፊግ። ፕራይመሪ ማነው፣ ሰከንደሪ ማነው የሚል ጭቅጭቅ የለም። ሰው ቀላሉን ትቶ ለምን እንደሚወሳሰብ አይገባኝም፣ ቪፒሲ ለሚያሳዩት ሰዎች ነው ብሎ ጻፈ።

መልስ 8

3 ተመልሳ መጣች፣ በዚህ ጊዜ ግን ያለ ሰላምታ። ስታክ ውስጥም አንድ ማስተር እንዳለ፣ የስታኩ ኬብል ሲቆረጥም ሁለት ማስተር ሊፈጠር እንደሚችል አስታወሰችው። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው አለች። አንድ አእምሮ ማለት አንድ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ሲታደስ፣ ወይም ያ አንዱ አእምሮ ሲሳሳት፣ ሁለቱም ስዊቾች አብረው ሊወድቁ ይችላሉ። በቪፒሲ ግን ሁለቱም በየራሳቸው ያስባሉ፤ የላይኛው ሪቡት ሲደረግ የታችኛው አያውቀውም ማለት ይቻላል። ሁለት እግር ያለው ሰርቨር የሚገዛው ይህንን ነው። ይህን የማያስፈልገው ሰው ስታክ ይጠቀም፤ የሚያስፈልገውን ግን ለታይታ ነው ብሎ አያናንቅ።

ንግግሯ ቢከርም ትክክል ነች ብዬ አምናለሁ። ስታክ ለቢሮ ፎቅ ጥሩ ነው። በሥራ ሰዓት ማጥፋት የማይቻል ሰርቨር ባለበት ክፍል ግን ሁለት አእምሮ ይሻላል።

ከዚያ ወደ ጠያቂው ዞራ ፒር ሊንኩ አሁን ተመልሶ ከሆነ ከላይኛው ላይ `show vpc` አድርጎ የላይኞቹን መስመሮች እንዲለጥፍ ጠየቀችው።

መልስ 9

ለጠፈ። ምንም ቃል አልጨመረም፦

```
vPC domain id            : 10
Peer status              : peer adjacency formed ok
vPC keep-alive status    : peer is alive
vPC role                 : primary, operational secondary
```

መልስ 10

ብዙ ዓመት የሠራ ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ልጄ፣ መልስህ አራተኛው መስመር ላይ ነው ብሎ ጀመረ። ከኮማው በፊት ያለው ያዋቀርከው ነው። ከኮማው በኋላ ያለው አሁን በሥራ ላይ ያለው ነው። ስዊቹ የሚታዘዘው ለሁለተኛው ነው።

እንዴት እንደሚሆንም አስረዳ። የላይኛው አንድ ጊዜ ሪቡት ተደርጓል። እሱ በሌለበት የታችኛው የፕራይመሪነቱን ሥራ ተረከበ። የላይኛው ሲመለስ ግን ሥራው አልተመለሰለትም። ፕሪዮሪቲው 100 ቢሆንም አይቀማም። እንዲቀማ ቢደረግ ኖሮ ስዊቹ በተመለሰ ቁጥር ያለምክንያት አንድ ንቅናቄ ይፈጠር ነበር፤ ስለዚህ ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተደረገው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተለዋውጠዋል፣ አንድም ማስጠንቀቂያ ግን አይሰማም። ሁሉም ነገር ይሠራላ። የሚታወቀው ፒር ሊንኩ ሲቆረጥ ነው።

እሱ በሚሠራበት ቦታ ስዊቾቹ ላይ ፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ የሚል ወረቀት ተለጥፎ እንደነበር አጫወተን። ከሶፍትዌር ማደስ በኋላ ወረቀቱ ውሸት ሆኖ ስለተገኘ ሁሉንም አስነሥቶታል።

መልስ 11

ጠያቂው አረጋገጠ። ከጥቂት ወራት በፊት የላይኛውን ሶፍትዌር አድሶ ሪቡት አድርጎታል። የታችኛውን ግን ጊዜ ስላጠረው ለሌላ ቀን አቆይቶት ቀረ። አሁን የሶፍትዌር ችግር ነው የሚለውን ትቶ፣ ዛሬ ማታ ፒር ሊንኩን አውርዶ በማንሣት ቦታቸውን ሊመልስ ነው።

መልስ 12

3 ቁም አለችው። በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉም የጠቀመኝ መልስ ይህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ማታ ቦታቸውን ብትመልስ በሚቀጥለው ሪቡት ተመልሰው ይለዋወጣሉ። ፋየርዎልህ የሚድነው ማን ፕራይመሪ እንደሆነ ስታስታውስ ብቻ ከሆነ አልዳነም። በነገራችን ላይ አዳዲሶቹ ስሪቶች ላይ ፒር ሊንኩን ሳይነኩ ቦታ የሚያለዋውጥ `vpc role preempt` የሚል ትእዛዝ አለ፤ ፒር ሊንክ ማውረድ አያስፈልግም። ግን ያ የሥርዓት ጉዳይ ነው፣ መፍትሔው አይደለም።

ፋየርዎሉ ያልተቀየረው የፖርቱ መብራት ስላልጠፋ ነው። የላይኛው ስዊች የቪፒሲ ፖርቶችን ዘጋ፤ የፋየርዎሉ ፖርት ግን ቪፒሲ ስላልሆነ አልነካውም። አንድ እግር ያለው፣ ኦርፋን ፖርት የሚባለው ነው። ፋየርዎሉ ከስዊቹ ጋር እንደተገናኘ ነው፣ ስዊቹ ግን ከማንም ጋር አልተገናኘም። ስለዚህ ያን ፖርት ከቪፒሲዎቹ ጋር አብሮ እንዲወድቅ ማድረግ ነው። በሁለቱም ስዊቾች ላይ፣ ፋየርዎሉ በተሰካበት በራሱ ፖርት ላይ ይጻፋል፦

```
interface Ethernet1/40
  vpc orphan-port suspend
```

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ አስቀመጠችው። ፒር ሊንኩ ይቆረጣል። በሥራ ላይ ያለው ሰከንደሪ ኪፕአላይቩን፣ ማለትም ስዊቾቹ በሕይወት መኖራቸውን የሚነጋገሩባትን መልእክት ያያል፤ ጓደኛው በሕይወት አለ። ስለዚህ ቪፒሲዎቹን ይዘጋል፣ አሁን ደግሞ የፋየርዎሉንም ፖርት ይዘጋል። አክቲቩ ፋየርዎል ኢንተርፌሱ ሲወድቅበት ያያል፣ በቀጥታው ኬብል ለስታንድባዩ ይነግራል፣ ስታንድባዩ ይረከባል። እሱ ያለው የታችኛው ላይ ነው፣ ሰርቨሮቹም ወደዚያው ዞረዋል። ማን ፕራይመሪ እንደነበር ምንም አይለውጥም።

ምን ምን አንድ እግር እንዳለው ለማወቅ `show vpc orphan-ports` እንዲያይ፣ ዝርዝሩ ውስጥ ያልጠበቀው ነገር ካገኘም እንዳይደነግጥ ጨመረች። አንድ ኬብል ብቻ ያለውና ምትክ የሌለው ዕቃ ላይ ግን ይህን ትእዛዝ መጻፍ ጥቅም የለውም። ቢወድቅ የሚረከበው የለምና።

መልስ 13

ይህ ሰው አልተስማማም። ፋየርዎል አንድ እግር ብቻ ሊኖረው አይገባም ባይ ነው። እያንዳንዱ ፋየርዎል ወደ ሁለቱም ስዊቾች ፖርት ቻናል ቢኖረው፣ ፒር ሊንኩ ሲቆረጥ አክቲቩ አንድ ኬብል ብቻ ያጣል፣ መቀያየርም አያስፈልግም። የ3ን ትእዛዝ መጠገኛ እንጂ ዲዛይን አይደለም ብሎታል።

አንድ ጠቃሚ ማስጠንቀቂያም አለው። ሰዎች ሁለቱን ፋየርዎሎች በአንድ የቪፒሲ ቁጥር ያስሯቸዋል፤ ይህ ስህተት ነው። ሁለት ፋየርዎል ሁለት ዕቃ ነው። ለአክቲቩ አንድ ቁጥር፣ ለስታንድባዩ ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል። አለበለዚያ ስዊቹ ግማሹን ትራፊክ ለስታንድባዩ ሊያካፍል ይሞክራል፣ ስታንድባዩ ደግሞ ይጥለዋል።

ጠያቂው ፋየርዎሎቹ ላይ ትርፍ ፖርት እንደሌለው መለሰ። 13 እንግዲያው ለጊዜው የ3ን ተጠቀም፣ ፋየርዎል ስትቀይር ግን አስብበት አለው። ሁለቱም ልክ ናቸው። ትርፍ ፖርት ቢኖረኝ እኔም የ13ን እመርጥ ነበር።

መልስ 14

ከዚህ በኋላ አንድ ሰው የራሱን ታሪክ ይዞ መጣ። ርዕሱን ትንሽ ቢስትም ጎኑን ነክቷል። እሱ ኪፕአላይቩን የሚያሳልፈው በፒር ሊንኩ ላይ በሚሄድ ቪላን ነበር፤ ተጨማሪ ኬብል ላለማባከን። ፒር ሊንኩ ሲቆረጥ ኪፕአላይቩም አብሮ ሄደ። ሰከንደሪው ጓደኛው የሞተ መሰለው፣ ፕራይመሪነቱን ወሰደ። ሁለቱም ፕራይመሪ ሆኑ፣ ማንም ፖርት አልዘጋም። ያየው ነገር ልክ 3 ቀደም ብላ እንደገለጸችው ነበር። አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ አይደርስም። መጀመሪያ የተጠረጠረው አፕሊኬሽኑ ነው፤ የተገኘው ሁለቱም ስዊቾች ላይ ገብቶ `show vpc` ሲል ነው። ሁለቱም ራሳቸውን ፕራይመሪ ይላሉ።

3፣ የላይክ ምልክት ብቻ አስቀመጠችለት። 10 ግን ቀጠለበት። ኪፕአላይቭ ትንሽ ነገር ነው፣ በየሰከንዱ የምትላክ አንዲት መልእክት፣ በ5 ሰከንድ ካልተሰማች ጠፋች የምትባል። ዋናው ነገር መንገዷ ከፒር ሊንኩ ጋር ምንም የሚጋራ እንዳይሆን ነው። በ`mgmt0` በኩል፣ በሌላ ስዊች አድርጎ መላክ ይበቃል። የጠያቂው እንደዚያ ስለነበረ ነው የሱ ስዊቾች ሥራቸውን በትክክል የሠሩት ብሎ ዘጋው። ያ ስዊች ሥራውን ሠራ ሲባል ጠያቂው ምን እንደተሰማው አላውቅም፤ እውነቱ ግን ያ ነው።

መልስ 15

ጠያቂው በተፈቀደለት የጥገና ሰዓት ሞከረው። ትእዛዙን በሁለቱም ስዊቾች ላይ ጻፈ። ፒንጉን በአንድ መስኮት እያስኬደ የፒር ሊንኩን ፖርት ቻናል `shutdown` አደረገ። የላይኛው እንደገና ቪፒሲዎቹን ዘጋ፣ አሁን ግን የፋየርዎሉ ፖርት አብሮ ወደቀ። ስታንድባዩ ተረከበ። ጥቂት ፒንጎች ጠፉ፣ ከዚያ ቀጠለ።

ሲመልሰው ግን አንድ ነገር አላማረውም። ፒር ሊንኩ ተነሣ፣ የላይኛው ቪፒሲዎቹን እስኪያነሣ ጥቂት ጠበቀ። ፋየርዎሉ ላይ ደግሞ ፕሪኤምፕት በርቷል። የቀድሞው አክቲቭ ፖርቱ እንደተነሣ ወዲያው ቦታውን ቀማ። ከዚያ በኋላ እንደገና ለአጭር ጊዜ ፒንግ ጠፋ።

መልስ 16 እና ከዚያ በኋላ

ክሩ እዚህ ላይ ገና ክፍት ነው። መልስ 3ን የጻፈችው፣ ቪፒሲዎች ከመነሣታቸው በፊት ሆን ተብሎ የሚጠበቅ `delay restore` የሚባል ጊዜ እንዳለ፣ ካልተቀየረ 30 ሰከንድ እንደሆነ ጻፈች። ፋየርዎሉ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቦታውን ከቀማ የሚያወራው ገና የሰርቨር ፖርት ካልከፈተ ስዊች ጋር ነው። ምክሯ አጭር ነው፦ የፋየርዎሉን ፕሪኤምፕት አጥፋው፣ የተረከበው ይቀጥል።

13 ግን ፕሪኤምፕት መጥፋቱን አልወደደውም። ሰዎች አክቲቩ ሁሌ አንዱ ቦታ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ያን ለማግኘት ኦርፋን ፖርቶችን ለብቻቸው የሚያዘገየውን `delay restore orphan-port` መጠቀም ይሻላል ይላል፣ ስሪቱ ካለው። 10 ደግሞ አክቲቩ ሁሌ አንድ ቦታ እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ነገ ተመልሶ ያን ወረቀት ስዊቹ ላይ እንደሚለጥፍ ነገረው። እኔ በዚህ ከ3 እና ከ10 ጋር ነኝ።

ጠያቂው ፕሪኤምፕቱን አጥፍቶ፣ በዚህ ጊዜ ፒር ሊንኩን ሳይሆን የላይኛውን ስዊች ራሱን ሪቡት አድርጎ እንደሚሞክር ጻፈ። ጥሩ ሙከራ ነው። ሪቡት ላይ ፒር ሊንኩም፣ ኪፕአላይቩም፣ ፖርቶቹም አንድ ላይ ሄደው በየራሳቸው ሰዓት ነው የሚመለሱት። 2ም ተመልሶ ስፓኒንግ ትሪን እንዳበራው፣ ሲያበራው አንድ ተራ ፖርት ወዲያው እንደተዘጋና ለምን እንደሆነ እንደማያውቅ ጻፈ። 3 በዚያ ፖርት ላይ የተሰካውን ኬብል ተከትሎ ሌላው ጫፍ የት እንደሚደርስ እንዲያይ ልካዋለች።